«ጠቅ» የሚለው ፍሪጅ፦ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ጉዳዩ በአዲስ አበባ አንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ያለ ፍሪጅ ነው። ባለ ሁለት በር ነው፤ በረዶ ቤቱ ከላይ ነው፤ ከተገዛ 9 ዓመት ሆኖታል። መብራት ደጋግሞ ሲሄድና ሲመጣ ባመሸበት ማግስት በረዶው ቀልጦ ወለሉ ላይ ፈሶ ተገኘ። በሩ ሲከፈት የውስጥ አምፖሉ ይበራል። ከኋላ በኩል ግን ለ10 ሰከንድ ያህል «እም...» የሚል ድምፅ ይሰማና «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ በኋላ ያው ይደገማል።

የመጣው ባለሙያ ድምፁን ሰማ፣ ኮምፕሬሰሩን በእጁ ነካ፣ መሞቁን አየና ፈረደ፦ «እትዬ፣ ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፤ ጋዙም አልቋል። ሁለቱም ይቀየራል።» የጠየቀው ገንዘብ ተመሳሳይ አዲስ ፍሪጅ በ100 ብር ይሸጣል ቢባል 45 ብር ያህል ነበር። ከዚህ በታች ዋጋውን ሁሉ በዚሁ ስሌት እናስቀምጣለን። የገበያ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ ጋር ያለው ዝምድና ግን ለውሳኔ የሚበቃ መለኪያ ነው።

የቤቱ ጥያቄ ቀላል ነው፦ 45 ይከፈል ወይስ ተጨምሮበት አዲስ ይገዛ? ጥያቄው ግን ያለ ጊዜው የመጣ ነው። ፍሪጁ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም።

ፍርዱ ለምን አልጸናም

ከባለሙያው ሁለት ቃላት አንዱን ምንም መሣሪያ ሳይኖር መመርመር ይቻላል። ጋዝ ያለቀበት ፍሪጅ ኮምፕሬሰሩ አይቆምም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው የሚሆነው፤ የሚጨመቅ ጋዝ ስለሌለ ሞተሩ ቀለል ብሎት ሳያቋርጥ ይሠራል፤ ፍሪጁ ግን አይቀዘቅዝም፤ ከኋላ ያለው ጥቁር ፍርግርግም አይሞቅም። ጋዙ በከፊል ከጎደለ ደግሞ በረዶው በአንድ ጥግ ብቻ ይጋገርና ሌላው ቦታ ደረቅ ይሆናል። እዚህ ቤት ያለው ፍሪጅ ግን ኮምፕሬሰሩ ጭራሽ አልተነሳም። ያልተነሳ ኮምፕሬሰር ስለ ጋዙ የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ «ጋዙም አልቋል» የሚለው በምርመራ የተገኘ ሳይሆን የተጨመረ ነው።

«ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል» የሚለው ግን ሊሆን ይችላል። ለዚያ መለካት ያስፈልጋል። ምን እንደሚለካ ለማወቅ ደግሞ ያ «እም... ጠቅ» ምን እንደሆነ መረዳት ይበጃል።

የቤት ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ። አንደኛው የመሥሪያው ነው፤ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ይገባዋል። ሁለተኛው የማስነሻው ነው፤ ሞተሩ ከቆመበት ሲነሳ ብቻ ለአፍታ ያግዝና ይወጣል። የማስነሻውን ጥቅል የሚያስገባውና የሚያስወጣው ከኮምፕሬሰሩ ጎን የተሰካች ክብሪት ቀፎ የምታህል ፕላስቲክ ናት፤ ሪሌ ትባላለች። በዚህ ዓይነቱ ፍሪጅ ሪሌዋ ውስጥ ያለው ሳንቲም የመሰለ ሴራሚክ ነው። ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ አንድ ሰከንድ ያህል ካሳለፈ በኋላ ራሱ ግሎ መንገዱን ይዘጋል። አጠገቧ ሌላ ትንሽ ክብ ነገር አለ፤ ኦቨርሎድ ይባላል። ሞተሩ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ሲስብ ይሞቅና «ጠቅ» ብሎ ይቆርጣል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያገናኛል።

እንግዲህ «እም» የሚለው መሥሪያው ጥቅል ብቻውን ሞተሩን ለማንቀሳቀስ ሲታገል ነው፤ «ጠቅ» የሚለው ኦቨርሎዱ ሲያድነው ነው። ይህን የሚያመጡ ነገሮች አራት ናቸው፦ የመብራቱ ኃይል አንሷል፣ ሪሌዋ ተበላሽታለች፣ ጥቅሉ ተቃጥሏል፣ ወይም ኮምፕሬሰሩ ውስጡ ተነክሶ መዞር አቅቶታል። የመጀመሪያው ምንም የማያስወጣ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ውድ ናቸው። ምርመራው ከርካሹ መጀመር ያለበት ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። የመብራቱ ኃይል ያነሰ ከሆነ ደህና ኮምፕሬሰርም የሞተ ይመስላል።

መጀመሪያ ሶኬቱ

ፍሪጁ የተሰካው ዲቫይደር ላይ ነበር፤ ዲቫይደሩ ደግሞ ግድግዳው ላይ። መልቲሜትሩ የኤሲ ቮልት ላይ ተደርጎ ዲቫይደሩ ላይ ሲለካ 219 ቮልት አሳየ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «መብራቱ ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። ይህ ቁጥር ግን ምንም ጭነት በሌለበት የተገኘ ነው። መልቲሜትሩ እዚያው እንደተያዘ ፍሪጁ «እም» ሲል ቁጥሩ ወደ 193 ወረደ። ከዚያ ስፒናው ተነቅሎ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሲሰካና ከአጠገቡ ባለው ቀዳዳ ሲለካ በዚያው ቅጽበት 213 ላይ ቆመ።

ሃያ ቮልት ዲቫይደሩ ውስጥ እየቀረ ነው ማለት ነው። ሲፈታም ምክንያቱ ታየ፤ ከውስጥ ያለው የናስ ምላስ ላልቷል፤ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ተለብልቧል። ለመነሳት የሚታገል ኮምፕሬሰር ሲሠራ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ያ ሁሉ በላላ ምላስ ሲያልፍ እዚያው ይግላል። እንዲህ የሆነ ዲቫይደር ይጣላል እንጂ አይጠገንም፤ የእሳት አደጋ መነሻ ነው።

የመብራት መፈተኛ ካቻቢቴ (ቴስተር የሚባለው) ይህን ሊያሳይ አይችልም። አምፖሉ በ219ም በ193ም እኩል ይበራል። ቴስተር የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ አለ ወይስ የለም?

ፍሪጁ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ተሰክቶም ግን አልተነሳም። ሁለተኛው ደረጃ መጣ።

ሪሌና ኮምፕሬሰሩ

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚሠራው ስፒናው ተነቅሎ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም። የኦም መለኪያ ላይ ያለ መልቲሜትር ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ከነካ መሣሪያውም ይበላሻል፣ የያዘውም ሰው ይጎዳል። አንዳንድ ኮምፕሬሰር ላይ ከሪሌው ጋር ክብ ካፓሲተር ይገኛል፤ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል እሱን የማያውቅ ሰው እዚያ ላይ ማቆም አለበት። በዚህ ፍሪጅ ላይ ካፓሲተር የለም።

ፍሪጁ ከግድግዳው ተስቦ ወጣ። ከኮምፕሬሰሩ ጎን ያለው የፕላስቲክ ክዳን በሽቦ መያዣ ብቻ የታሰረ ነው፤ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫን ሲሉት ይለቃል። ሽቦዎቹ ከመነቀላቸው በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳሉ፤ ስንት ሰው ሽቦ አሳስቶ መልሶ ደህናውን ኮምፕሬሰር እንደሚያበላሽ የጥገና ቤቶች ያውቁታል። ሪሌዋ ከኦቨርሎዱ ጋር ከኮምፕሬሰሩ በሚወጡ ሦስት የብረት ጣቶች ላይ ተሰክታለች። ስትወጣ ቀጥ ብላ ወደ ውጭ ትሳባለች፤ ትንሽ ከከረረች በካቻቢቴ ጫፍ ከግራና ከቀኝ ተራ በተራ ትገፋለች። ማጣመም አይቻልም። ጣቶቹ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚገቡት በብርጭቆ ተከበው ነው፤ ብርጭቆው ከተሰነጠቀ ጋዙ ይወጣል፤ ያኔ በእውነትም 45 ብር የሚጠይቅ ብልሽት ይፈጠራል።

ሪሌዋ ከጆሮ አጠገብ ስትነቀነቅ ተንኳኳች። ደህና ሪሌ ውስጧ ድምፅ የለውም፤ የሚንኳኳው የተሰበረ ሴራሚክ ነው። በመልቲሜትር ሁለቱ ቀዳዳዎቿ መካከል ሲለካ ማያው OL አለ፤ መንገዱ ተቋርጧል ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ሪሌ ላይ ስትቀዘቅዝ መገኘት ያለበት ከ10 እስከ 40 ኦም ባለው መካከል ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ ላይ ታትሟል። ኦቨርሎዱ 0.4 ኦም አሳየ፤ ሁለቱ የመልቲሜትሩ ሽቦዎች እርስ በርስ ሲነካኩም የሚያሳየው ያንኑ ስለሆነ ደህና ነው።

ሪሌዋ መሞቷ ግን ኮምፕሬሰሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሦስቱ ጣቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተለኩ። አንደኛው ጥንድ 14 ኦም፣ ሁለተኛው 20 ኦም፣ ሦስተኛው 34 ኦም ሰጠ። ቁም ነገሩ ያለው በድምሩ ላይ ነው፦ ትልቁ ቁጥር የሁለቱ ትናንሾች ድምር መሆን አለበት፤ 14 ሲደመር 20 ልክ 34 ነው። ከሦስቱ አንዱ OL ቢል ጥቅሉ ተበጥሷል። ድምሩ በግልጽ ካልመጣ ወይም አንዱ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ጥቅሎቹ እርስ በርስ ተቃጥለው ተገናኝተዋል። በመጨረሻ አንዱ ሽቦ ጣቱ ላይ፣ ሌላው ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ የታየ የመዳብ ቱቦ ላይ ተደርጎ ተለካ፤ OL አለ። እዚህ ላይ የሚፈለገው OL ነው። ቁጥር ቢታይ ኤሌክትሪክ ወደ ፍሪጁ አካል እየፈሰሰ ነው፤ ያ ፍሪጅ እንደገና መሰካት የለበትም።

መልቲሜትር ወሰን አለው፤ በትንሽ ባትሪ ስለሚለካ የደከመ የሽቦ ልባስን አይገልጥም፤ ኮምፕሬሰሩ ውስጡ መነከሱንም አያይም። ስለዚህ እስካሁን የታወቀው ይህ ነው፦ ሪሌዋ በርግጠኝነት ሞታለች፤ ጥቅሎቹ ደህና ይመስላሉ፤ ሞተሩ መዞር አለመዞሩ የሚታወቀው አዲስ ሪሌ ተሰክቶ ሲሞከር ብቻ ነው።

ውሳኔው ሪሌው ከመገዛቱ በፊት

ብዙ ቤተሰብ ገንዘብ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ይከፈላል፣ አይሠራም፤ «እዚህ ድረስ ከመጣን» ተብሎ ሌላ ይጨመራል፤ በመጨረሻ የአዲሱን ግማሽ አውጥቶ አሮጌው ቁሞ ይቀራል። ስለዚህ ማቆሚያው አስቀድሞ ተወሰነ፦ ሪሌው 2 ብር ያህል ነው (አዲሱ 100 ከሆነ)፤ በእሱ ካልተነሳ ከዚያ በኋላ ሌላ ገንዘብ አይገባበትም፤ ይለወጣል።

ወሰኑ የመጣው ከሂሳብ ነው። ኮምፕሬሰሩ በ45 ቢቀየር ይህ የ9 ዓመት ፍሪጅ ሌላ 4 ዓመት ይሠራል ብንል በዓመት ከ11 በላይ ይመጣል። አዲሱ በ100 ተገዝቶ 10 ዓመት ቢሠራ በዓመት 10 ነው፤ ያውም ዋስትና አለው፣ የበር ላስቲኩም አዲስ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ፤ ግን የ45ቱ ጥገና ሌላ ጉድለት አለበት። የጋዝ ዙሩ፣ ማለትም ጋዙ የሚዞርበት የታሸገ ቱቦ፣ አንዴ ከተከፈተ ጥገናው ጥሩ የሚሆነው ሠሪው ጥሩ ሲሆን ብቻ ነው። ፍሪጁ 5 ዓመት ብቻ ቢሆነውና ያው 45 ቢጠየቅ ሌላ 8 ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ በዓመት ከ6 በታች ይሆናልና መጠገኑ ያዋጣል። ሪሌው ግን በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ለአንድ ዓመት ብቻ እንኳ ቢያሠራው አትራፊ ነው።

«ጥገናው ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ ጣለው» የሚባለው ልማድ ዕድሜውን አያይም። ከፋፍሎ በዓመት ማስላት ይሻላል። ሁለተኛው ጥያቄ ብልሽቱ የት ነው የሚለው ነው። ሪሌ፣ ኦቨርሎድ፣ ቴርሞስታት፣ ስፒና፣ የበር ላስቲክ፣ አምፖል፦ እነዚህ ሁሉ ከጋዙ ዙር ውጭ ስለሆኑ መጠገን ያዋጣል። ኮምፕሬሰር፣ የተበሳ ቱቦ፣ የተዘጋ ፊልተር ግን ከውስጥ ናቸው፤ ያኔ ነው ዕድሜና ሂሳብ የሚመጣው። ከሁሉ የከፋው በረዶ ቤቱን በቢላ ሲፍቁ የሚበሳው አሉሚኒየም ነው። ለመበየድ ያስቸግራል፤ ተለጥፎም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ያፈሳል። ቢላዋ የበሳው አሮጌ ፍሪጅ በአብዛኛው መለወጥ ያለበት ነው።

የጋዙ ዙር መከፈቱ ግድ ከሆነ ከሠሪው ጋር ሦስት ነገር መነጋገር ይገባል። ፊልተሩ ይቀየራል ወይ? ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አየሩና እርጥበቱ ይወጣል ወይ? ጋዙ በሚዛን ይለካል ወይ? ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የጋዙን ዓይነትና መጠን በግራም ይጽፋል፤ የዚህኛው R134a፣ 130 ግራም ይላል። «በእጄ ነክቼ አውቀዋለሁ» የሚል መልስ ከመጣ ያ 45 ብር መከፈል የለበትም። ወረቀቱ R600a ካለ ደግሞ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ በሌላ ዓይነት ጋዝ አይተካም፣ ጋዙ ሳይወጣም እሳት አይቀርብበትም። ይህን የማያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ሊበይድ አይገባም።

መግጠምና መፈተሽ

መለዋወጫ ሱቅ ሲኬድ የተነቀለችው ሪሌ ትያዛለች፤ የኮምፕሬሰሩ ጽሑፍ ፎቶም አብሮ። የጣቶቹ አቀማመጥና ሪሌው ላይ የተጻፈው ኦም መመሳሰል አለበት። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ከኦቨርሎዱ ጋር የተጣመረ ሪሌ ገበያ ላይ አለ፤ ለችግር ጊዜ ያነሳዋል፤ ግን ኦቨርሎዱ ለዚያ ኮምፕሬሰር የተመጠነ ላይሆን ስለሚችል የራሱን መፈለግ ይሻላል። ኦቨርሎዱን ዘሎ በቀጥታ ማገናኘት ግን ጨርሶ መደረግ የለበትም፤ ሞተሩ ሲታገል የሚያድነው ያ ብቻ ነው።

አዲሷ ሪሌ ተሰካች፤ ሽቦዎቹ በፎቶው መሠረት ተመለሱ፤ ክዳኑ ተገጠመ። ፍሪጁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሲሰካ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ተነሳ። ድምፁ ለስለስ ያለ እንጂ የሚታገል አልነበረም። ባይነሳና «ጠቅ» ማለቱን ቢቀጥል ኖሮ፣ ሪሌው አዲስ፣ ኦቨርሎዱ ደህና፣ መብራቱ 213፣ ጥቅሎቹ ትክክል ስለሆኑ የሚቀረው አንድ መደምደሚያ ብቻ ነበር፦ ኮምፕሬሰሩ ተነክሷል። ያኔ የተወሰነው ወሰን ይከበር ነበር።

መነሳቱ የጥገናው ግማሽ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ የኋላው ፍርግርግ ከላይ ትኩስ፣ ወደ ታች እየቀነሰ ሞቅ ያለ ሆነ፤ ጋዙ አለ። በማግስቱ በረዶ ቤቱ ውስጥ ያለው ስስ በረዶ ሁሉም ግድግዳ ላይ እኩል ተነጥፎ ነበር፤ ይህም ጋዙ እንዳልጎደለ ያሳያል። ማታ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ተነክሮ አድሮ ጠዋት 5 ዲግሪ አነበበ፤ ቴርሞስታቱ ጥቂት ከፍ ሲደረግ ወደ 4 ወረደ። ቴርሞሜትሩ ውሃ ውስጥ የሚነከረው በሩ ሲከፈት የሚገባው አየር ንባቡን እንዳያሳስት ነው።

ኮምፕሬሰሩ ስንት እንደሚስብ የተለካው በቆጣሪው ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ሁሉ ጠፍቶ ፍሪጁ ብቻ ሲሠራ ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትለው ቀይ መብራት ለ5 ደቂቃ ተቆጠረች፦ 16 ጊዜ። ቆጣሪው ላይ 1600 imp/kWh ተጽፏል፤ ማለትም 1600 ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። 16ቱ 0.01 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናሉ፤ በ5 ደቂቃ ያን ያህል የሚበላ ዕቃ 120 ዋት እየሳበ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከሰዓቱ ግማሹን ቢሠራ በቀን 1.44 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 43 ያህል ይመጣል። ለአሮጌ ፍሪጅ ይህ መጥፎ አይደለም፤ «አዲሱ መብራት ይቆጥባል» የሚለው ብቻውን ለመለወጥ ምክንያት አይሆንም።

የበር ላስቲኩ ግን ደክሟል። የብር ኖት በሩ ላይ ተይዞ ሲዘጋ በሦስት ጎን ያዘው፤ በማጠፊያው በኩል ከታች ግን ኖቱ ሳይያዝ ተንሸራተተ። ላስቲኩ አልተቀደደም፤ ተጣሞ ነው የቀረው። በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ እየተጫነ ሲሞቅና በሩ ተዘግቶ ሲቀዘቅዝ ወደ ቅርጹ ተመለሰ። ቢቀደድ ኖሮ መግዛት ነበር።

ሪሌዋን የገደላት

መብራት ሄዶ በሰከንዶች ውስጥ ሲመለስ ሁለት ነገር ይገጥማል። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልተስተካከለም፤ ስለዚህ ሞተሩ ከባድ ጭነት ላይ ነው የሚነሳው። ሪሌው ውስጥ ያለው ሴራሚክም ገና ትኩስ ስለሆነ የማስነሻውን ጥቅል አያስገባም። ሞተሩ ይታገላል፣ ኦቨርሎዱ ይቆርጣል፣ እንደገና ይሞክራል። ይህ በአንድ ማታ ብዙ ጊዜ ሲደገም፣ ዲቫይደሩ ደግሞ 20 ቮልት ሲቀንስ፣ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሪሌው ብቻ ተቀይሮ ቢተው ኖሮ አዲሷም በዚያው መንገድ ትሄድ ነበር። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ፍሪጁ ዲቫይደር ላይ አይሰካም፤ መብራት ከተመለሰ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ የሚያዘገይ የፍሪጅ መከላከያ በመካከል ይገባል። መከላከያው ከሌለ መብራት ሲሄድ ስፒናውን ነቅሎ ከተመለሰ 5 ደቂቃ በኋላ መሰካት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ማታ ማታ ቮልቱ ከ190 በታች በሚወርድበት ሰፈር ደግሞ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል፤ ይህ የሚታወቀው ግን ምሽት ላይ በመለካት ነው።

ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው መሣሪያ

ይህ ሁሉ ምርመራ የተሠራው አንድ ትንሽ ቦርሳ በማይሞላ መሣሪያ ነው፤ ለምጣድ፣ ለካውያ፣ ለውሃ ማሞቂያና ለልብስ ማጠቢያ የመጀመሪያ ምርመራም ይኸው ይበቃል። ዋናው ዲጂታል መልቲሜትር ነው፤ የኤሲ ቮልት እስከ 600ና ኦም የሚለካ፣ ሽቦዎቹ ወፍራም ልባስ ያላቸው። ከመታመኑ በፊት ደህና መሆኑ የሚታወቅ ሶኬት ላይ ይሞከራል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ሲነካኩም ወደ ዜሮ የተጠጋ ኦም ማሳየት አለበት።

ካቻቢቴ አራት ይበቃል፦ መስቀል ሁለት፣ ጠፍጣፋ ሁለት፣ ትልቅና ትንሽ፣ እጀታቸው በፕላስቲክ የተሸፈነ። በርካሽ የሚሸጠው የ30 ፍሬ ስብስብ ጫፉ ለስላሳ ብረት ስለሆነ የብሎኑን ራስ ይበላል፤ ራሱ የተበላ ብሎን ደግሞ የ5 ደቂቃውን ሥራ የግማሽ ቀን ያደርገዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ቀንሶ ጥራቱን መጨመር ይሻላል። ፒንሳ ሁለት፦ አንዱ ተራ፣ አንዱ አፈ ሹል፤ የሽቦ ጫፎች ከጣቶቹ ሲነቀሉ አፈ ሹሉ ነው የሚሠራው፤ ሽቦውን ሳይሆን ብረቱን ይዞ ይስባል። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ አንድ ቁልፍ ለዳዶ ሁሉ ይሆናል። ናስትሮ፣ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ባትሪ (ሁለት እጅ ነጻ ስለሚተው)፣ ፍርግርጉን አቧራ የሚጠርግ ብሩሽ፣ ቴርሞሜትር። ቴስተር ሊኖር ይችላል፤ ስፒና ከተነቀለ በኋላም ሆነ መስመር ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ለማረጋገጥ ጥሩ ነው፤ እሱን ተማምኖ ግን ሽቦ በእጅ አይነካም።

መሰርሰሪያ፣ የጋዝ ጌጅ፣ መበየጃና ትልቅ የቁልፍ ስብስብ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። ጌጁ በተለይ አለመኖሩ ይሻላል። የጋዙን ዙር ለማየት ብቻ በከፈቱት ቁጥር ትንሽ ጋዝ ይወጣል፤ 130 ግራም ብቻ ባለበት ፍሪጅ ላይ ትንሹም ብዙ ነው።

በዚህ ቤት የወጣው የሪሌው፣ የመከላከያውና የመልቲሜትሩ ዋጋ ሲሆን ሦስቱ ተደምረው 10 አልሞሉም። ጥያቄው እንደገና የሚነሳው ኮምፕሬሰሩ ሌሊትም ቀንም ሳያቋርጥ መሥራት ሲጀምር፣ በረዶው በአንድ ጥግ ብቻ ሲጋገር፣ ወይም የቆጣሪው ብልጭታ ከ16 በግልጽ ሲያልፍ ነው። ያኔ ብልሽቱ ከጋዙ ዙር ውስጥ ሊሆን ስለሚችልና ፍሪጁም ከ10 ዓመት ስለሚያልፍ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአዲስ መግዛት ይሆናል።